ቢሉ ተሳስቶ እንግዳ ሲቆጣ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሠራው። ከአሜሪካ ለሠርግ የመጣች እንግዳ ሦስት ሌሊት አድራ ከሄደች በኋላ "ከተነገረኝ በላይ አስከፍላችሁኛል" ብላ ኢሜይል ጻፈች። የተነገራት ዋጋ ሁሉንም ጨምሮ በሌሊት 5,060 ብር ነው። በካርድ የከፈለችው ግን 19,202 ብር ከ70 ሳንቲም። ምን ብዬ ልመልስላት?

መልስ፦ ከመጻፍዎ በፊት ስህተቱ የት እንደተፈጠረ ይፈልጉ። መክፈል የነበረባት 15,180 ብር ስለሆነ ትርፉ 4,022 ብር ከ70 ሳንቲም ነው። አሁን 5,060 ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨምሩ፤ 5,566 ይመጣል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከል 6,400 ብር ከ90 ሳንቲም ይሆናል። በሦስት ያባዙት፤ ሳንቲሟ ሳትቀር የከፈለችው ነው። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ቡኪንጉን የያዘው ሰው ሁሉን ያካተተውን ዋጋ እንደ ባዶ ዋጋ ሲስተም ውስጥ አስገብቶታል።

መግባት የነበረበት 4,000 ብር ነው። ሰርቪስ ቻርጁ 400፣ ቫቱ 660፣ ድምሩ 5,060። ብዙ ሰው እዚህ ጋ 25 በመቶ ቀንሶ ይሳሳታል። ቫቱ ሰርቪስ ቻርጁም ላይ ስለሚሰላ የሚካፈለው ለ1.265 ነው።

መልሱን እንዲህ ቢጽፉት ጥሩ ነው፦

"ክብርት ደንበኛችን፣ ልክ ነዎት። የነገርንዎት 5,060 ብር ሰርቪስ ቻርጅና ቫትን ያካተተ ሆኖ ሳለ፣ ስንመዘግብ ሁለቱን ደግመን ደምረንበታል። ስህተቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። የሦስቱ ሌሊት ትክክለኛ ሒሳብ 15,180 ብር ነው። ትርፉን 4,022 ብር ከ70 ሳንቲም ዛሬ ወደከፈሉበት ካርድ መልሰናል፤ የተመላሹ ማስረጃና የተስተካከለው ቢል ተያይዘዋል። አካውንትዎ ላይ እስኪታይ እንደ ባንክዎ አሠራር የተወሰኑ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ከዚህ ውጭ፣ ላስቸገርንዎት አዲስ አበባ ያሉ ሁለት ቤተሰቦችዎን ምሳ ልንጋብዝ እንወዳለን። ስማቸውን ብቻ ይላኩልን።"

"ዛሬ መልሰናል" የሚለውን በእርግጥ ሳይመልሱ እንዳይጽፉት። ደግሞም በዚያው ዋጋ የተያዙ ሌሎች ክፍሎች ካሉ ዛሬውኑ ይፈትሹ። እንዲህ ያለ ስህተት ብቻውን አይገኝም።

ጥያቄ፦ አለቃዬ "ገንዘቡን ከምንመልስ በሚቀጥለው ሲመጣ ቅናሽ እናድርግለት" ይላል። ያዋጣል?

መልስ፦ አያዋጣም። ትርፉ የእንግዳው ገንዘብ ነው። የራሱን ገንዘብ ስጦታ አስመስሎ መስጠት ሰውየውን ይበልጥ ያናድደዋል፤ እውነቱን ነው። መጀመሪያ ተመላሹ ሙሉ በሙሉ ይሄዳል፤ መካሻው ከዚያ በኋላ፣ ለብቻው ይቀርባል። መካሻው ደግሞ እንግዳው ሊጠቀምበት የሚችል ይሁን። ገና ሆቴሉ ውስጥ ላለ ሰው ክፍሉን እስከ ማታ ማቆየት ወይም ኤርፖርት በነጻ ማድረስ ትልቅ ነገር ነው። ውጭ አገር ለተመለሰ ሰው "በሦስት ወር ውስጥ አንድ ነጻ ሌሊት" ማለት ግን ምንም አልሰጡትም ማለት ነው። "የጻፍከውን አስተያየት አጥፋልን" የሚል ነገር አብሮ ከመጣማ ጉቦ ይመስላል።

ጥያቄ፦ እንግዳው "ሁለት ጊዜ ቆርጣችሁብኛል" እያለ ስልኩን ያሳየኛል። እኛ ግን አንዴ ነው ያስከፈልነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ሲገባ ካርዱ ላይ መያዣ አስይዛችሁ፣ ሲወጣ ያንን መያዣ ከመዝጋት ይልቅ አዲስ ክፍያ ከሠራችሁ ሁለቱም ይታዩታል። ከአንደኛው ጎን `Pending` የሚል ካለ ያ መያዣው ሊሆን ይችላል፤ ከራሳችሁ መዝገብ ጋር አመሳክሩት። መያዣ ከሆነ ገንዘቡ ወደ እናንተ አልገባም፤ ስለዚህ ተመላሽ አትሥሩ። መያዣው እንዲለቀቅ ባንካችሁን ጠይቁና የጠየቃችሁበትን ማስረጃ ለእንግዳው ስጡት። "ባንክህን ጠይቅ" ብሎ መሸኘት ግን ደስ አይልም።

ጥያቄ፦ "ያልጠጣሁት ሁለት ቢራ ተጽፎብኛል" የሚል እንግዳ ቼክ አውት ላይ ወረፋ ይዞ ይጨቃጨቀኛል።

መልስ፦ ያንሱለት። የጽዳት ክፍሉን ወረቀት ከዚያ በኋላ ይዩት፤ የ304 ሒሳብ 403 ላይ መጻፉ የተለመደ ነው። ዋናው ነገር ደረሰኙ ከካሽ ሬጅስተሩ ከመውጣቱ በፊት ማንሳት ነው። አንዴ ከታተመ በእስክሪብቶ መሰረዝ አይቻልም፤ የክሬዲት ማስታወሻ ያስፈልገዋል፣ እሱ ደግሞ የሒሳብ ክፍል ሰው ይፈልጋል፣ እንግዳው ደግሞ ታክሲ አስቁሟል። ስለዚህ ቢሉን ከማተምዎ በፊት በቃል አንብበውለት "ልክ ነው?" ይበሉት።