አንድ ትዕዛዝ ስንት ብር ይሸከማል? በትንሽ ገንዘብ ፖስት ቡስት ለምታደርጉ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ባሕር ዳር ውስጥ በማስታወቂያ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ መጀመሪያ በባነርና በበራሪ ወረቀት፣ ኋላም በፌስቡክና በኢንስታግራም። ወደ እኔ የሚመጡ ጀማሪ ነጋዴዎች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ፖስታቸውን ቡስት ለማድረግ ስንት ብር መመደብ እንዳለባቸው ይጠይቁኛል። ኪሳችሁ ውስጥ ካለው ብር ከተነሳችሁ መልሱ ግምት ይሆናል። አንድ ትዕዛዝ ምን ያህል የማስታወቂያ ወጪ እንደሚሸከም ካሰላችሁ ግን ቁጥሩ ራሱ ይወጣል።

ባለፈው ዓመት ቀበሌ 14 አካባቢ ቤቷ ውስጥ ኬክ የምትጋግር አንዲት ወጣት መጣችብኝ። በአራት ቀን 3,000 ብር አውጥታ ከአንድ ሺህ በላይ ላይክ አግኝታለች፤ ደብተሯ ላይ የተመዘገበው ትዕዛዝ ግን ሦስት ብቻ ነበር። ስልኳን ተቀብዬ ሳይ የማስታወቂያውን ግብ ላይክና ኮሜንት አድርጋዋለች፣ ቦታውን ደግሞ መላው ኢትዮጵያ ብላ ትታዋለች። ፌስቡክ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ላይክ ማድረግ የሚወዱ ሰዎችን ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም ለቅሞ አምጥቶላታል፤ ከእነዚያ ውስጥ ኬክ ልታደርስላቸው የምትችለው ግን ጥቂቱን ነው።

ቁጭ ብለን ሂሳቡን ሠራን። አንዱን ኬክ በ1,500 ብር ትሸጣለች፤ ዱቄቱ፣ እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ ጋዙና ካርቶኑ 950 ብር ይፈጃሉ፤ የባጃጁን ገዢው ይከፍላል። ከሚቀራት 550 ብር ውስጥ የድካሟን ዋጋ ካስቀረን በኋላ፣ ለማስታወቂያ በአንድ ኬክ ከ200 ብር በላይ እንዳታወጣ ወሰንን። ዋጋ ጠይቀው መልእክት ከሚልኩላት አሥር ሰዎች ሁለቱ እንደሚገዙ ከቀድሞ መልእክቶቿ ቆጠርን። ስለዚህ አንድ መልእክት ከ40 ብር በላይ ካስወጣት ማስታወቂያው እያከሰራት ነው ማለት ነው። በአምስትና በስድስት መልእክት ፍርድ መስጠት ስለማይቻል፣ ሠላሳ ያህል መልእክት ሊያመጣ የሚችል 1,200 ብር ለሙከራ መደብን፤ በቀን 200 ብር፣ ለስድስት ቀን። ለፌስቡክ በዶላር የሚከፍል ካርድ ሳይኖራችሁ በወኪል የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ ሂሳቡን ከኪሳችሁ በወጣው ብር ሥሩት፤ ኮሚሽኑን ረስቶ በዶላሩ ብቻ ያሰላ ሰው ከስሮ ያተረፈ ይመስለዋል።

ቦታውን ስትመርጡ የከተማውን ስም ከመጻፍ ይልቅ ካርታው ላይ የከተማው መሃል ፒን አስቀምጡና ዙሪያው ያለውን ክብ ተመልከቱ። 40 ኪሎ ሜትር ላይ ከተዋችሁት መራዊንና ሐሙሲትን ጨምሮ ይይዛል። እኛ ወደ 10 ኪሎ ሜትር አጠበብነው። ልጅቷ የክቡ ግማሽ ያህሉ ጣና ላይ ማረፉን አይታ ገንዘቧ በውኃ ላይ የሚፈስ መስሏት ነበር፤ የሚከፈለው ግን ማስታወቂያው ለሚታያቸው ሰዎች እንጂ ለቦታው ስፋት ስላልሆነ በሐይቁ በኩል የሚባክን ነገር የለም። ቋንቋ በሚለው ቦታ አማርኛን እንዳትመርጡ አደራ እላለሁ። ምርጫው በአብዛኛው ሰውየው አፑን በምን ቋንቋ እንደሚጠቀም ስለሚከተል፣ አማርኛ አፉን የፈታበት ነገር ግን ፌስቡኩን በእንግሊዝኛ የከፈተ ጎረቤታችሁ ይቀርባችኋል። "ኬክ ይወዳሉ" የሚል የፍላጎት ማጣሪያም አልጨመርንም፤ የአንድ ከተማ ሕዝብ በራሱ ጠባብ ነውና።

ግቡን ወደ መልእክት ቀየርን፤ ለጻፈ ሁሉ መጀመሪያ የምትመልሰውም "የት ሰፈር ነዎት?" የሚል ጥያቄ ሆነ። ይህች ጥያቄ ከማንኛውም ሪፖርት በላይ ትጠቅማለች፤ ብዙዎቹ ፔዳ፣ ፖሊ፣ ግሽ ዓባይ እያሉ ከመለሱ ቦታው በትክክል ገብቷል፤ ጎንደርና ደብረ ታቦር ከበዛ ማስታወቂያውን አቁማችሁ ክቡን እንደገና ፈትሹ። ይህ ካልሆነ በቀር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ምንም አትነካኩ፤ በየሰዓቱ ፎቶና ዋጋ የሚቀያይር ሰው የፌስቡክ ሥርዓት ገዢውን ለይቶ እስኪያውቅ ጊዜ አይሰጠውም።

በስድስቱ ቀን 31 መልእክትና 7 ትዕዛዝ መጣላት፤ አንዱ ትዕዛዝ 171 ብር ገደማ ፈጀ፣ ከወሰንነው 200 በታች ማለት ነው። ደስ ብሏት በማግስቱ የቀኑን ወጪ ወደ 600 ልታሳድገው ስትል ከለከልኋት። ወደ 250 ብቻ ከፍ አድርጋ ሌላ ሳምንት አስኬደችው፤ በሳምንቱ መጨረሻ የአንዱ መልእክት ዋጋ ወደ 50 ብር ደረሰ። Ads Manager ላይ Frequency የሚለውን ስናይ አንዱ ሰው በአማካይ ማስታወቂያውን ከአራት ጊዜ በላይ አይቶታል፤ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይገዛ የነበረው ገዝቶ፣ የቀረው ማየት ሰልችቶታል። ያን ቀን ማስታወቂያውን ዘጋችው። የተረፋትን ብር ለሁዳዴ መጨረሻ ሳምንት፣ ለፋሲካ ትዕዛዝ በሌላ ፎቶ ልታወጣው አስቀመጠች፤ በጾሙ መካከል የቅቤ ኬክ አይታ ላይክ የምታደርግ እንጂ የምታዝዝ ደንበኛ እንደማታገኝ ከደብተሯ ላይ አይታለችና።