ሳይክሉን አቁሙት፣ መንገዱን አስሩጡት

ልጆች፣

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ ላፕቶፑን ይዞ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ እየበረረ ነበር። ፎቶው ላይ ግን የቆመ ነው የሚመስለው» አለኝ። አየሁት፤ እውነቱን ነው። መንገድ ለሰው በነበረበት እሁድ መስቀል አደባባይ አካባቢ ያነሳው ነው። ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ ሳይክል ይነዳል። ፀሐዩ ኃይለኛ ስለነበር ሹተሩ 1/2000 ሰከንድ ላይ ሆኗል። የጎማው ሽቦዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከኋላ ያለው ሰው፣ ዛፉ፣ የመንገዱ ጠርዝ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሏል። ሁሉም ቁልጭ ሲል ደግሞ ማን እንደሮጠ አይታወቅም።

ፎቶ አንሺው በፎቶሾፕ ሊያስተካክለው ሞክሯል። ከኋላ ያለውን የፎቶውን ጀርባ አደብዝዞ ሳይክለኛውን ከላይ አስቀምጦታል። ውጤቱ አስቂኝ ነበር፤ በልጁ ዙሪያ ቀይ ጉም ተነስቷል። ይህን ጉም በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥረውም፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ ለእሱ ያሳየሁትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ።

ጉሙ ከየት መጣ? የ`Motion Blur` ሥራ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ነጥብ በአንድ መስመር ላይ ካሉት ጎረቤቶቹ ጋር ይቀላቅላል። ልጁ አሁንም ጀርባው ውስጥ ካለ፣ ቀዩ ሹራብ ከዛፉና ከአስፋልቱ ጋር ይቀላቀላል። ከላይ ንጹሑን ልጅ ብታስቀምጡም ቀዩ ከሁለቱም ጎን አፈትልኮ ይወጣል። ስለዚህ ልጁን ቆርጦ ማውጣት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ጀርባውን ባዶ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው።

እንዲህ አደረግን። ልጁንና ሳይክሉን በ`Pen Tool` ዞርንና በ`Ctrl+Enter` ወደ ምርጫ ቀየርነው። ለሹራቡና ለፀጉሩ ፈጣኑ የመምረጫ መሣሪያ ይበቃል። ለሳይክሉ ብረት ግን እጅ ይሻላል፤ ቀጥ ያለ ቱቦ የተቆራረጠ ጠርዝ ካለው ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። የመረጥነውን በ`Ctrl+J` ወደ ራሱ ሌየር አወጣነው። ከዚያ `Ctrl` ይዘን የአዲሱን ሌየር ትንሽ ምስል ጠቅ አድርገን ምርጫውን መለስነው። ወደ ታችኛው ሌየር ወርደን የመሬቱን ጥላም ጨመርንበት፣ ምርጫውን በ`Select > Modify > Expand` 12 ፒክስል አሰፋነውና በ`Content-Aware` ሞላነው። ማስፋቱን አትዝለሉት። ካላሰፋችሁ የሹራቡ ጠርዝ ላይ የቀረችው ቀጭን ቀይ መስመር ጉሙን መልሳ ታመጣለች።

ፎቶሾፕ የሞላው ነገር አስቀያሚ ነበር። የአንድ ሰው ግማሽ ሁለት ቦታ ታየ፣ ዛፉም ተጣመመ። ፎቶ አንሺው ሊያስተካክለው ሲል ከለከልኩት። ብዥታው ወደ ጎን ስለሚጎትት ወደ ጎን ያለውን ስህተት ሁሉ ይውጠዋል። የማይውጠው ከላይ ወደ ታች ያለውን ልዩነት ነው። የመንገዱ ጠርዝ መስመር በልጁ ግራ ከፍ፣ በቀኙ ዝቅ ብሎ ከተገናኘ፣ ከተጎተተ በኋላም ስብራቱ ይታያል። እሱን ብቻ በ`Clone Stamp` አቀናን። ከዚያ የላይኛውን ሌየር አጥፍታችሁ እዩ። ከታች የልጁ ምልክት፣ ጥላው ጭምር፣ ከሌለ ጀርባው ዝግጁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ምን ያህል እናደብዝዝ?

አብዛኛው ሰው ቁልፉን ወዲያ ወዲህ እየጎተተ ደስ እስኪለው ይሞክራል። እኔ ግን መጀመሪያ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ፎቶ አንሺው የት ቆሞ ነው? ሹተሩ ስንት ቢሆን ነበር ይሄ የሚፈጠረው? እዚህ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ወገቡን እያዞረ ልጁን የተከተለ ሰው አሰብን። ሹተሩን 1/15 ሰከንድ አልነው። ልጁ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሄድ፣ በሰከንድ 5 ሜትር ነው። በ1/15 ሰከንድ 33 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል።

ይህን ወደ ፒክስል ለመቀየር ማስመሪያው ፎቶው ውስጥ አለ፤ ጎማው ነው። ባለ 26 ኢንች ጎማ ከነላስቲኩ 66 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። በዚህ ፎቶ ላይ 800 ፒክስል ያህል ወጣ። ስለዚህ 33 ሳንቲ ሜትር ማለት 400 ፒክስል ነው። `Filter > Blur > Motion Blur` ከፍተን `Distance` ላይ 400 ጻፍን። `Angle` ላይ ደግሞ የሁለቱን ጎማዎች መሃል የሚያገናኘውን መስመር በ`Ruler Tool` ለካን፤ 3 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሏል። መንገዱ ዳገት ይሁን ካሜራው የተዛነፈ፣ ሳይክሉ የሚሄደው በዚያ መስመር ነው። ብዥታውም በዚያው መስመር መሄድ አለበት። ዜሮ ብላችሁ ብትተዉት ልጁ ከመንገዱ የሚንሳፈፍ ይመስላል።

ወጣቱ ፎቶ አንሺ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ሩቅ ያለው ሕንፃ ከቅርቡ የመንገድ ጠርዝ ያነሰ መደብዘዝ የለበትም?» አለ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁ በመስኮት ስታዩ ቅርቡ ምሰሶ ይበራል፣ እንጦጦ ግን አብሯችሁ የሚሄድ ይመስላል። ያ እናንተ ራሳችሁ ስለምትጓዙ ነው። ቆሞ ካሜራውን የሚያዞር ሰው ግን አይጓዝም። ካሜራው በ1/15 ሰከንድ የዞረበት ማዕዘን ለምሰሶውም ለተራራውም አንድ ነው። ስልካችሁን አውጥታችሁ ባላችሁበት ዞር በሉ፤ ቅርብ ያለው ግድግዳና ሩቁ ሕንፃ ስክሪኑ ላይ እኩል ያልፋሉ። ስለዚህ ለቆመ ፎቶ አንሺ ለሙሉው ጀርባ አንድ ቁጥር ይበቃል። ፎቶው ከሞተር ላይ የተነሳ እንዲመስል ከፈለጋችሁ ግን ጀርባውን በርቀት ከፋፍላችሁ ቅርቡን ብዙ፣ ሩቁን ጥቂት መጎተት ግድ ነው። ሁለቱን መደባለቅ አይቻልም። ተመልካች ምክንያቱን ባይናገርም የሆነ ነገር እንዳልጣመው ያውቃል።

ቀጥሎ ጎማዎቹ። ጀርባው በሮ ሽቦዎቹ ከተቆጠሩ ልጁ ሳይክሉን በበረዶ ላይ የሚያንሸራትት ይመስላል። እዚህም ቁጥሩ ከዚያው ከ33 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ጎማው ካልተንሸራተተ፣ ላስቲኩ በዙሪያው የሚሄደው መንገዱ ላይ የተጓዘውን ያህል ነው። የጎማው ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀትም 33 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ዙረቱ 57 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። `Filter > Blur Gallery > Spin Blur` ውስጥ `Blur Angle` ላይ ከዚህ ተነስታችሁ በዓይናችሁ አስተካክሉ። ክቡን ከጎማው ጋር በደንብ ግጠሙት። ሳይክሉ ትንሽ ወደ ካሜራው ከዞረ ጎማው እንቁላል ቅርጽ ይይዛል፣ ክቡም እንደዚያው መለጠጥ አለበት።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ከባድ ቦታ አለ። በሽቦዎቹ መካከል የሚታየው ጀርባ ነው። ሽቦውን ከነጀርባው ቆርጣችሁ ካመጣችሁ፣ ጎማው ውስጥ ያልተደበዘዘ መንገድ ተሸክማችሁ መጣችሁ ማለት ነው። አንድ በአንድ ልቁረጥ ካላችሁ ደግሞ ሌሊቱ ይነጋል። የእኔ መፍትሔ ሽቦዎቹን ጭራሽ መጣል ነው። በዚህ ጎማ ላይ 36 ናቸው፤ በመካከላቸው 10 ዲግሪ ብቻ አለ። ጎማው 57 ዲግሪ ሲዞር ሁሉም ይቀላቀሉና አንድ ስስ ግራጫ መጋረጃ ይሆናሉ። ስለዚህ ላስቲኩን፣ ቸርኬውንና የመሃሉን ክፍል ብቻ አስቀርተን አዞርናቸው። መሃሉ ላይ የተጎተተው ጀርባ እንዲታይ ተውን። በላዩ ላይ ግራጫውን መጋረጃ ቀባን።

መጋረጃው እኩል አይደለም። ሽቦዎቹ መሃል ላይ ስለሚጠጋጉ እዚያ ይወፍራል፣ ወደ ጠርዝ ይሳሳል። ሽቦው 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው እንበል። ከመሃሉ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ከአካባቢው ሩብ ያህሉን ይሸፍናል፣ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ደግሞ 4 በመቶ ገደማ። እኔም `Opacity`ውን ከ25 ጀምሬ ወደ 4 እየሳሳ እንዲሄድ አደረግሁት። ጎማውን የያዘው ሹካና ፍሬኑ አይዞሩም፤ እነሱና ካቴናው ከጎማው በላይ በራሳቸው ሌየር ይቀመጡ። ፔዳልና እግር ትንሽ ይደብዝዙ፣ ፊቱና መሪው ግን ቁልጭ ይበሉ።

ጥላውን አትርሱ። ጥላ ከሳይክሉ ጋር ስለሚጓዝ ቅርጹ አይጎተትም፤ የሚጎተተው በሥሩ ያለው አስፋልት ነው። ለዚህ ነው ዋናውን ጥላ ከጀርባው ጋር ያጠፋነው። በአዲስ ሌየር ላይ፣ `Multiply` አድርገን፣ በጥቁር ብሩሽ መልሰን ሳልነው። ላስቲኩ መሬት የሚነካበት ቦታ ከሁሉም ይጠቁር። ያቺ ጠቆር ያለች ነጥብ ከሌለች የቀረው ልፋት ሁሉ ገደል ገባ።

መጨረሻ ላይ የቀረው ጥራጥሬው፣ ፎቶ ላይ የሚታየው ደቃቅ ነጥብ፣ ነው። የተደበዘዘው ጀርባ እንደ ፕላስቲክ ይለሰልሳል፣ ልጁ ላይ ግን የካሜራው ጥራጥሬ አለ። ጀርባው ላይ ትንሽ `Add Noise` ጨመርንና በ100 በመቶ አጉልተን አመሳሰልነው።

እንዲህም ሆኖ ከስህተት አላመለጥንም። ሥራውን ጨርሰን ቡና እየጠጣን ሳለ ባለቤቴ በትከሻችን ላይ አየችው። «ያኛውስ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» አለች። ከቀይ ሹራቡ ልጅ ጎን፣ ትንሽ ከኋላ፣ ጓደኛው በሌላ ሳይክል በእኩል ፍጥነት ይነዳ ነበር። እሱን ከጀርባው ጋር አብረን ጎትተነዋል። ሁለቱ አብረው እየሄዱ አንዱ ጥርት፣ አንዱ ጭስ! ካሜራው አንዱን ከተከተለ፣ አጠገቡ በእኩል ፍጥነት የሚሄደውም ሊጠፋ አይችልም። ተመልሰን እሱንም ቆረጥነው፣ ጀርባውንም እንደገና ባዶ አደረግነው። ራቅ ስላለ ትንሽ ብዥታ፣ 60 ፒክስል ያህል፣ ሰጠነው።

ፎቶ አንሺው ፎቶውን የፈለገው ለአንድ የብስክሌት ውድድር ፖስተር ነበር፤ ለዚያ ችግር የለውም። «ጋዜጣ ቢጠይቀኝስ?» አለኝ ሲወጣ። ለጋዜጣ ያንን የቆመ የሚመስለውን፣ ሽቦው የሚቆጠረውን ስጥ አልኩት። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ሹተሩን 1/15 ላይ አድርገህ፣ ፀሐዩ ከበዛ ሌንሱ ላይ ጥቁር ፊልተር ገጥመህ፣ ወገብህን እያዞርክ ሃምሳ ጊዜ አንሳ አልኩት። ከሃምሳው ሁለቱ ቢሳኩለት ጥሩ ነው።