ሪባና ሙዳረባን ወደ አማርኛ ስንመልስ

«ደሴ ነኝ። በሸሪዓ የሚሠራ የውል ወረቀት ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ሪባን 'አራጣ'፣ ሙዳረባን 'ትርፍ መጋራት' ብል ልክ ነው?»

ወንድሜ፣ «አራጣ»ን ተወው። አራጣ ሲባል ሰው የሚያስበው ከልክ ያለፈውን የድብቅ ብድር ነው። የእስልምናው የሪባ ክልከላ ግን በብድር ላይ የታሰበን ጭማሪ ሁሉ ይይዛል፣ 1 በመቶም ቢሆን። ለብድር ውል «ወለድ» በለው።

ሙዳረባው ነው የሚያሳስበኝ። ትርፍ መጋራትማ ሁሉም ገንዘብ በሚያዋጡበት ሽርክና፣ በሙሻረካም ላይ አለ። የሚለያቸው ኪሳራው ነው። 100,000 ብር ሰጠኸኝ እንበል። እኔ ባቲ ሰኞ ገበያ ፍየል እነግድበታለሁ። ትርፉን 60 ለ40 ተስማማን። 20,000 ካተረፍኩ ላንተ 12,000፣ ለእኔ 8,000። 10,000 ከከሰርኩ ግን ኪሳራው ያንተ ነው፤ እኔ ድካሜ ይቀልጣል። ሆን ብዬ ካጠፋሁ፣ ከተዘናጋሁ ወይም ከውሉ ከወጣሁ ብቻ እጠየቃለሁ። በሙሻረካ ሁለታችንም ስለምናዋጣ ኪሳራውም በየመዋጯችን ልክ ነው።

ስለዚህ «የገንዘብና የጉልበት ሽርክና» ብለህ፣ ሙዳረባ የሚለውንም አጠገቡ አስቀምጥ። አደራ፣ ድርሻው ከትርፉ ይሁን። «ከዋናው 12 በመቶ» ወይም «በየወሩ 2,000 ብር» ብለህ ከጻፍክ ስሙ ሙዳረባ ሆኖ ወለድ ጻፍክ ማለት ነው።