የፓይተን ኮርስ የክለሳ ወረቀት እንዴት ይዘጋጃል? ጥያቄና መልስ

የአንደኛ ዓመት ተማሪ፦ ጋሼ፣ የፓይተን ፈተናችን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የመምህሩ ስላይድ ከ400 ገጽ በላይ ነው፤ እኔ ደግሞ በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ ላጠቃልለው አስቤያለሁ። ምኑን ልያዝ፣ ምኑን ልተው?

መልስ፦ ስላይዱን ለጊዜው ዝጋውና የሠራሃቸውን የቤት ሥራዎችና የታረመልህን የአጋማሽ ፈተና አውጣ። ከስላይዱ ከተነሳህ ሁሉም ነገር አስፈላጊ ስለሚመስልህ ወረቀቱ ይጠብሃል፤ ከራስህ ስህተት ከተነሳህ ግን ቦታው ይተርፍሃል። እኔ ካስጠናኋቸው ተማሪዎች እንዳየሁት፣ አንድ ሰው በአንድ ሴሚስተር ደጋግሞ የሚሰናከልባቸው ነገሮች ከአሥር እምብዛም አያልፉም።

እያንዳንዱን ነገር በሦስት ክፍል ጻፈው። መጀመሪያ ትክክለኛውን አጻጻፍ ከአራት ወይም ከአምስት መስመር ሳታስበልጥ አስፍር፤ ከሥሩ አንተ ራስህ የሠራኸውን ስህተት ጻፍ፤ ቀጥሎም ያንኑ ስህተት መልሰህ እንደማትሠራው የምታረጋግጥበት አንድ ትንሽ መልመጃ ጨምርበት። ለምሳሌ ከተጠቃሚ ቁጥር የመቀበሉን ጉዳይ ብንወስድ፣ ስህተቱ ይህን ይመስላል፦

```python
age = input("ዕድሜ፦ ")
print(age * 2)
```

ተጠቃሚው 19 ብሎ ቢጽፍ 38 ሳይሆን `1919` ይታተማል፤ ምክንያቱም `input` የሚመልሰው ምንጊዜም ስትሪንግ ነው፣ ስትሪንግ ደግሞ በ2 ሲባዛ ሁለት ጊዜ ይደገማል። ትክክለኛው አጻጻፍ `age = int(input("ዕድሜ፦ "))` ነው። መልመጃው ደግሞ «ተጠቃሚው 7 ቢጽፍ `age * 3` ምን ያትማል? `int` ቢወጣስ?» የሚል አንድ መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል። የፓይተንን ታሪክ፣ የቃላት ፍቺዎችንና የስትሪንግ ትእዛዞችን ሙሉ ዝርዝር ያለ ጸጸት ተዋቸው።

ሌላ ተማሪ፦ ስህተትን በወረቀት ማስፈር ግን ጊዜ ማባከን አይሆንም? ፓይተን ራሱ በየትኛው መስመር ላይ እንደተሳሳትን በቀይ ጽፎ ይነግረናል እኮ።

መልስ፦ በከፊል ልክ ነዎት። ኮሎን ከረሱ ወይም ቅንፍ ሳይዘጉ ከቀሩ ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር `SyntaxError` ይላል፤ ከ3.10 ወዲህ ያሉት የፓይተን ዕትሞች እንዲያውም `'(' was never closed` እያሉ ያልተዘጋውን ቅንፍ ራሱን ያመለክታሉ። የቆዩት ዕትሞች ግን ብዙ ጊዜ የሚከሱት ምንም ያላጠፋውን ቀጣዩን መስመር ስለሆነ፣ የዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ አሮጌ ዕትም ከጫነ «ከተጠቀሰው መስመር በላይ ያለውንም ተመልከት» የሚል ማስታወሻ ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛው ዓይነት ስህተት ፕሮግራሙ መሥራት ከጀመረ በኋላ የሚያስቆመው ነው፤ ስትሪንግን ከቁጥር ጋር መደመርን የመሰለው ማለቴ ነው። እርሱም ቢሆን ስሙን ይናገራል። ሦስተኛው ግን ምንም ሳይናገር የተሳሳተ መልስ ያትማል፤ ከላይ ያየነው `1919` ከዚህ ወገን ነው። የወረቀቱን አብዛኛውን ቦታ ለዚህ ሦስተኛው እንዲሰጡት እመክራለሁ። ፈተናው በወረቀት ላይ የሚሰጥ ከሆነማ ቀይ ጽሑፍ ጨርሶ የለም፤ ሦስቱም ዝም ይላሉ።

ማታ ማታ የምትማር ሠራተኛ፦ ዝም የሚለውን ስህተት በሌላ ምሳሌ ቢያሳዩን? እኔ ኮዴን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሬ መልሱ ልክ ከመጣ ጨረስኩ ብዬ ነው የማልፈው።

መልስ፦ እርስዎን የሚመለከት አንድ ምሳሌ አለ። ከ50 በታች የሆኑ ውጤቶችን ከሊስት ውስጥ እናስወጣ ብለን እንዲህ ጻፍን እንበል፦

```python
marks = [72, 38, 65, 41]
for m in marks:
    if m < 50:
        marks.remove(m)
print(marks)
```

ይህ `[72, 65]` ያትማል፤ መልሱም ልክ ነው። አሁን እነዚያኑ አራት ቁጥሮች ቅደም ተከተላቸውን ብቻ ቀይረን `[72, 38, 41, 65]` ብንሰጠው `[72, 41, 65]` ያትማል፤ 41 ሳይወጣ ቀረ። ምክንያቱን ለማየት ወረቀት ይያዙና ሉፑ የቆመበትን ቦታና ሊስቱ በዚያ ሰዓት የያዘውን በእጅዎ ይከታተሉ። ሉፑ በቦታ 0 ላይ 72ን አይቶ ያልፋል። በቦታ 1 ላይ 38ን አግኝቶ ሲያስወጣው ከኋላው ያሉት ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ስለሚጠጉ፣ 41 አሁን የተቀመጠው በቦታ 1 ላይ ነው። ሉፑ ግን ቦታ 1ን ጨርሻለሁ ብሎ ወደ ቦታ 2 ይሄድና 65ን ያገኛል፤ 41 ሳይታይ ታለፈ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሙከራ የተሳካው ወዳቂዎቹ ሁለት ውጤቶች ጎን ለጎን ስላልነበሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ትክክለኛ አጻጻፍ ከሚዞሩበት ሊስት ላይ አያስወጣም፤ የሚፈለጉትን ወደ አዲስ ሊስት ይሰበስባል፦

```python
passed = []
for m in marks:
    if m >= 50:
        passed.append(m)
```

ለመልመጃው «ኮዱን አርም» ከማለት ይልቅ «የመጀመሪያው ኮድ ልክ የሚመልስበትን አንድ ሊስትና የሚሳሳትበትን አንድ ሊስት ጻፍ» ቢሉት ይሻላል። ይህን የሚመልስ ሰው ስህተቱን በእርግጥ ገብቶታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ስለሞከሩት ጉዳይም፣ ሙከራ የሚጠቅመው ኮዱን ሊጥለው የሚችል ግብዓት ሲመረጥ ነው፤ ባዶ ሊስት፣ አንድ ነገር ብቻ ያለበት ሊስት፣ ጎን ለጎን የተደገመ ነገር ያለበት ሊስት።

ዱባይ ሆና በስልክ የምትማር፦ የእኔ ችግር ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ከመጽሐፉ ላይ ቃል በቃል ገልብጬ በስልኬ እጽፈዋለሁ፤ ግን ገና በመጀመሪያው `if` ላይ ስህተት ነው ይለኛል። ዓይኔ እስኪፈዝ ባየው ልዩነት አላገኘሁበትም።

መልስ፦ እህቴ፣ ከስህተቱ መልእክት ውስጥ `U+1361` የሚል ነገር ካለ የስልክዎ ኪቦርድ በአማርኛ ላይ እንደነበረ ይገባኛል። የአማርኛው ሁለት ነጥብና የላቲኑ ኮሎን ለዓይን መንታ ናቸው፤ ለፓይተን ግን አይተዋወቁም፦

```
SyntaxError: invalid character '፡' (U+1361)
```

የአማርኛው ነጠላ ሰረዝም `U+1363` ተብሎ እንዲሁ ይመጣል። ጽሑፍ በሚያሳምር መተግበሪያ ውስጥ ጽፈው ከገለበጡት ደግሞ ጥቅሶቹ ወደ ጎባጣነት ስለሚቀየሩ `U+201C` ሊያዩ ይችላሉ። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በወረቀትዎ ጥግ ላይ ይጻፏቸው። ከጥቅስ ውስጥ ያለው አማርኛ ግን ምንም ችግር የለበትም፤ እንዲያውም `ዋጋ = 10` ብለው የቫሪያብሉን ስም በፊደላችን ቢሰይሙት ፓይተን 3 ይቀበለዋል። ኪቦርድ መቀያየሩ ስህተት ስለሚጋብዝ ግን ለተማሪ አልመክረውም።

የሲፕላስፕላስ ተማሪ፦ እኛ የምንማረው በሲፕላስፕላስ ነው። ይኸው ወረቀት ለእኛም ይሆናል?

መልስ፦ አሠራሩ ይሆናል፤ ይዘቱ ግን አይሆንም። `if x = 5` በፓይተን ወዲያውኑ `SyntaxError` ነው፤ በእናንተ ቋንቋ ግን `if (x = 5)` ፈቃድ አግኝቶ ያልፍና ምንጊዜም እውነት ይሆናል። እንዲሁም `7 / 2` በፓይተን 3.5 ሲሆን በእናንተ 3 ነው። የፓይተን ሰው ወረቀት ከቀዱ የእርስዎን ስህተቶች ሳይሆን የእርሱን ያጠናሉ።

መምህር፦ እኔ ለክፍሌ አንድ ወጥ ወረቀት አዘጋጅቼ ለማባዛት አስቤ ነበር። ስንት መልመጃ ይበቃል? መልሱስ እዚያው ይጻፍ?

መልስ፦ ለአንድ ጉዳይ ከሦስት ባይበልጥ እመርጣለሁ፤ አንዱ «ምን ያትማል?» የሚል፣ አንዱ የተበላሸ መስመር የሚያስጠግን፣ አንዱ ከስድስት መስመር የማይበልጥ ፈንክሽን የሚያስጽፍ። የመጀመሪያው ዓይነት ለመሥራት ደቂቃዎች ብቻ ስለሚፈጅ ደጋግሞ ለመከለስ ይመቻል። ለምሳሌ ይህን ይስጧቸው፦

```python
def avg(a, b):
    print((a + b) / 2)

x = avg(40, 60)
print(x + 5)
```

ብዙዎቹ 50.0 እና 55.0 ብለው ይመልሳሉ። በእርግጥ የሚሆነው ግን 50.0 ከታተመ በኋላ ፕሮግራሙ በ`TypeError` መቆሙ ነው፤ ፈንክሽኑ አሳየ እንጂ ምንም አልመለሰም፣ ስለዚህ `x` የያዘው `None` ነው። መልሱን እኔ በጀርባው ገጽ በተገላቢጦሽ እጽፈዋለሁ። ወጥ ወረቀት ስለ ማባዛቱ ግን ግራ ቀኝ ነኝ፤ ምናልባት አጻጻፉንና መልመጃውን አትመው፣ የስህተቱን ቦታ ተማሪው እንዲሞላው ባዶ ቢተዉትስ?

ሌላ ተማሪ፦ በዚህ አልስማማም። መልሱ ከጀርባ ካለ ሁላችንም ገልብጠን እናየዋለን። ኮምፒውተር ላይ አሂደን ማረጋገጥ ስንችል መልስ ለምን ይጻፋል?

መምህር፦ ኮምፒውተር በቤቱ ያለው ሁሉም ተማሪ መሰለህ? የእኔዎቹ ላብራቶሪ የሚገቡት በሳምንት አንድ ቀን ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም የምትናገሩት ከየቦታችሁ ሆናችሁ ነው፤ እኔም ለሁሉም የሚሆን ፍርድ የለኝም።

የአንደኛ ዓመት ተማሪ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ጽፌ መጣሁ። ከ1 እስከ n የሚደምር ነው፤ መልመጃዬ «`total(5)` ስንት ነው?» የሚል ሲሆን መልሱን 10 ብዬ ጽፌያለሁ።

```python
def total(n):
    s = 0
    for i in range(1, n):
        s = s + i
        return s
```

መልስ፦ ይህ ኮድ 10 አይሰጥም፤ 1 ነው የሚሰጠው። `return` ወደ ውስጥ ስለገባ ሉፑ ገና በመጀመሪያው ዙር ተቋርጦ ይወጣል። ወደ ግራ መልሰህ ከ`for` ጋር ብታስተካክለው ያልከው 10 ይመጣል፤ እርሱም ቢሆን ልክ አይደለም፣ ከ1 እስከ 5 ያለው ድምር 15 ነውና። `range(1, n)` n ላይ ሳይደርስ ስለሚያቆም `range(1, n + 1)` መባል አለበት። መልመጃህንም `total(1)` ብለህ ቀይረው፤ ትክክለኛው መልስ 1 ነው፣ `range` ብቻ ከተሳሳተ 0 ይመጣል፣ አሁን እንደጻፍከው ከሆነ ደግሞ ሉፑ አንዴም ስለማይዞር `None` ታገኛለህ። ሦስቱን መልሶች ለየብቻ በኮምፒውተር አሂደህ ካየህ በኋላ ወደ ወረቀቱ ገልብጣቸው፤ ሳታስኬደው የጻፍከው ሌላ ኮድ ካለህ ደግሞ እሱንም ይዘህልን ና።