ለጉባኤ እንግዳ ክፍል ስንይዝ፦ የመዝጊያው ቀንና ማንም ያልተኛበት አልጋ ሒሳብ

በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ሆቴሎች የቡድን ሽያጭ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን ከጠረጴዛው ማዶ ነኝ፤ ማኅበራት ከመፈረማቸው በፊት ኮንትራታቸውን አብሬ አነባለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። የምነግራችሁ ከሥራው የማውቀውን ነው።

የማኅበር ጸሐፊ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ለዓመታዊ ጉባኤያችን ከሌላ ስቴት ለሚመጡ አባላት 60 ክፍል ልንይዝ ነው። ሆቴሉ በሌሊት 159 ዶላር ብሎናል። ኮንትራቱ ላይ ግን «80 በመቶ» የሚል ነገር አለ። እኛ የምንከፍለው ነገር አለ ማለት ነው? ክፍሉን የሚከፍለው እንግዳው መስሎን ነበር።

እንግዳው ለተኛበት ይከፍላል። ላልተኛበት ደግሞ ማኅበሩ ይጠየቃል። ሆቴሉ ክፍሎቹን ከገበያ አውጥቶ ለእናንተ አስቀምጧል። እስከ 20 በመቶ ቢቀር ይታገሳችኋል፤ ከ80 በመቶ በታች ከወረዳችሁ ልዩነቱን ያስከፍላችኋል።

ሒሳቡ የሚሠራው በክፍል ሳይሆን በአዳር ነው። ሐሙስ 40፣ ዓርብ 60፣ ቅዳሜ 60 ክፍል ያዛችሁ እንበል። በድምሩ 160 አዳር ነው። 80 በመቶው 128 ይሆናል። ጉባኤው አልቆ ሲቆጠር ሐሙስ 12፣ ዓርብ 46፣ ቅዳሜ 58 ክፍል ብቻ ሰው አደረበት። ድምሩ 116 ነው። 12 አዳር ጎደለ፤ በ159 ሲባዛ 1,908 ዶላር።

አሁን ኮንትራቱን መልሳችሁ አንብቡ። 80 በመቶው የሚታየው በድምሩ ነው ወይስ በየሌሊቱ? በየሌሊቱ ከሆነ ሐሙስ ቢያንስ 32 መሆን ነበረበት፤ 20 ጎድሏል። ዓርብ 48 ይፈለግ ነበር፤ 2 ጎድሏል። ቅዳሜ 10 ትርፍ አላችሁ፤ ግን የቅዳሜው ትርፍ የሐሙስን ጉድለት አይሸፍንም። 22 አዳር፣ 3,498 ዶላር። እንግዶቹ አልተለወጡም፣ ዋጋው አልተለወጠም፤ አንድ ሐረግ ብቻ 1,590 ዶላር ጨመረባችሁ። ስለዚህ «በድምሩ» ተብሎ ይጻፍላችሁ። ብዙ ሆቴሎች ከተጠየቁ ይስማማሉ። ካልተጠየቁ ግን ዝም ነው።

ሐሙስን ደግሞ ቀንሱት። የእኛ ሰው ዓርብን ሠርቶ ነው መኪና የሚያስነሳው። ከኮሎምበስም ቢመጣ ከአትላንታ ያው ነው። ሐሙስ የሚደርሱት ቦርዱና አንድ ሁለት ተናጋሪ ናቸው። 40 ክፍል ለማን ነው? 15 በቂ ነው። ሰው ከበዛ ክፍል እስካለ ድረስ ሆቴሉ ደስ እያለው ይጨምራል። መጨመር ሁልጊዜ ከመቀነስ ይቀላል።

አንድ አባል፦ ይቅርታ፣ መሀል ልግባ። ይሄ ማስፈራሪያ ነው። ካት-ኦፍ የሚባል የመዝጊያ ቀን አለ። ያ ቀን ካለፈ ሆቴሉ ያልተያዘውን ክፍል መልሶ ይወስዳል። ከወሰደው በኋላ ምን ቅጣት አለ? እኛ ባለፈው ዓመት እንደዛ ነው ያደረግነው፣ አምስት ሳንቲም አልከፈልንም።

ግማሹ ልክ ነህ። መውሰዱን ይወስዳል። ቀኑ ብዙውን ጊዜ ከጉባኤው 30 ቀን በፊት ነው፤ አንዳንዴ 21። ያ ቀን ሲያልፍ ያልተያዘው ክፍል ወደ ገበያ ይመለሳል፤ ዘግይቶ የሚደውል አባል በ159 ማግኘቱም ዋስትና የለውም። ዕዳው ግን አብሮ አይወርድም። ኮንትራቱ ላይ የተፈረመው ቁጥር እንዳለ ይቆያል።

ለቡድን የተቀመጡት ክፍሎች ብሎክ ይባላሉ፤ እናንተ ያልከፈላችሁት ምናልባት የያዛችሁት ነጻ ብሎክ ስለሆነ ነው። ሆቴሎች ለሰርግና ለአነስተኛ ስብሰባ፣ በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ክፍል ገደማ፣ ያለ ዋስትና ያስቀምጣሉ። እዚያ መዝጊያው ቀን ሲደርስ ሁሉም ነገር ያበቃል። 60 ክፍል ከአዳራሽ ጋር ሲሆን ግን ሌላ ጨዋታ ነው። የእናንተን ወረቀት አውጥተህ እየው፤ «ዝቅተኛ መጠን» ወይም መቶኛ የሚል ነገር ከሌለው ነጻ ነበር ማለት ነው።

ኮንትራት ላይ ላላችሁ፣ ከካት-ኦፉ በፊት የመቀነሻ ቀን አስገቡ። ለምሳሌ ከጉባኤው 90 ቀን ሲቀረው ከብሎኩ 15 በመቶ ያለ ቅጣት የመመለስ መብት። 160ው ወደ 136 ይወርዳል፤ የ80 በመቶው ግዴታም ወደ 109። 116 አዳር ያገኘው ጉባኤ በዚህ ቢሆን ኖሮ ምንም አይከፍልም ነበር። ግን ያን ቀን ለመጠቀም ምዝገባ ቀደም ብሎ መከፈት አለበት። እኛ ምዝገባ የምንከፍተው መቼ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

እናት፣ ከዳላስ፦ እኔ ለጉባኤው ክፍል ይዤ ልጄ ታሞብኝ ቀረሁ። ሆቴሉ የአንድ ሌሊት ከካርዴ ቆረጠ። ይሄ ቅጣት ማኅበሩን የሚመለከት ከሆነ ማኅበሩ ሊመልስልኝ አይገባም?

እግዜር ይማርልዎት። የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ነው። ክፍሉን በስምዎ ሲይዙ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ካልሰረዙ የአንድ ሌሊት እንከፍላለን ብለው ተስማምተዋል። በብዙ ሆቴሎች 48 ወይም 72 ሰዓት ነው። ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ደውለው ቢያስረዱ አንዳንዴ ይመልሳሉ፤ ማኅበሩ ግን ግዴታ የለበትም።

ጥያቄዎ ግን ለጸሐፊው አንድ ነገር ያስታውሰዋል። ሰው ቀርቶ ሆቴሉ ገንዘቡን ከወሰደ ያ አዳር እንደተያዘ ሊቆጠርላችሁ ይገባል። አለዚያ ሆቴሉ ለአንድ አልጋ ሁለት ጊዜ ይከፈለዋል፤ አንዴ ከእርስዎ፣ አንዴ ከማኅበሩ። ኮንትራቱ ላይ ይጻፍ።

የወጣቶች ክፍል አስተባባሪ፦ የኛ ችግር ሌላ ነው። አባሎቻችን በስልካቸው ርካሽ ዋጋ ያገኙና እዚያው ሆቴል ከብሎኩ ውጪ ይይዛሉ። ሎቢው በሐበሻ ሞልቷል፣ ብሎኩ ግን ባዶ ነው።

አዎ፣ ይሄ ትልቁ ቀዳዳ ነው። ሁለት ነገር አድርግ። መጀመሪያ ኮንትራቱ ላይ «የጉባኤው ተሳታፊ በየትኛውም መንገድ ቢይዝ እዚህ ሆቴል እስካደረ ድረስ ይቆጠራል» አስብል። ቀጥሎ ጉባኤው ሲያልቅ፣ ደረሰኝ ከመምጣቱ በፊት፣ የተመዝጋቢዎችህን ዝርዝር ለሆቴሉ ስጥና ከአዳሪዎች ዝርዝር ጋር ያስተያዩት። ቅድም ባየነው ምሳሌ በዚህ መንገድ 9 አዳር ቢገኝ 116ቱ 125 ይሆናል፤ በድምሩ ሲቆጠር ጉድለቱ ወደ 3፣ ዕዳውም ወደ 477 ዶላር ይወርዳል።

የማኅበር ጸሐፊ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኛ ጠይቀን ነበር። «የእንግዶችን ስም አናሳይም፣ ክልክል ነው» አሉን።

እነሱ አያሳዩ፤ እናንተ አሳዩ። ዝርዝሩን ትሰጣላችሁ፣ እነሱ ቢሮአቸው ቁጭ ብለው ያመሳክራሉ፣ ቁጥሩን ብቻ ይነግሯችኋል። እዚህ ላይ የኛ ስም ራሱ ያጣላል። ፀጋዬ አንድ ቦታ በ«ቲ» ይጀምራል፣ ሌላ ቦታ በ«ኤስ»። ሰውየው ለእኛ የተመዘገበው በሚጠራበት ስም ነው፤ ሆቴሉ ጋ ያለው የመታወቂያው ነው። የምዝገባ ቅጹ ላይ «በመታወቂያ እንደተጻፈ» የሚል ቦታ ይኑር። ለባልና ሚስት ክፍሉ በማን ስም እንደተያዘም ጠይቁ፤ የአባት ስማቸው አንድ ስላልሆነ ሆቴሉ አያገናኛቸውም።

በብዙ ቦታዎች ሰው ከብሎኩ የሚወጣው ዋጋው ስለበለጠ ነው። ሆቴሉ በእነዚያ ሌሊቶች ለሕዝብ ከእናንተ በታች እንዳይሸጥ መጠየቅ ትችላላችሁ። አብዛኞቹ በግማሽ ልብ ነው የሚስማሙት፤ ከብዙ ሻጭ ድረ-ገጾች ጋር ውል ስላላቸው እነሱም ሙሉ በሙሉ አይቆጣጠሩትም።

አዘጋጅ፣ ከአዲስ አበባ፦ እኔ እዚህ ነኝ። ከክልልና ከውጭ ለሚመጡ 35 እንግዶች ቦሌ አካባቢ አልጋ እየፈለግኩ ነው። የካቲት መጀመሪያ ላይ። ይሄ የመቶኛ ነገር እኛ ጋ ይሠራል?

የካቲት መጀመሪያ ከሆነ መጀመሪያ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ የሚውልበትን ቀን አጣራ። ያ ሳምንት ከሆነ ስለ ቅጣት ከማውራትህ በፊት አልጋ ራሱ ይጠፋል።

የአዲስ አበባውን አሠራር የማውቀው ከውጭ ሆኜ ነው። ባየኋቸው ውሎች ቅጣቱ ብዙውን ጊዜ መቶኛ ሆኖ አይመጣም፤ ቅድሚያ ክፍያው ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ የምትጠይቀው «ስንት ልክፈል» ብቻ ሳይሆን «5 ክፍል ብመልስ እስከ መቼ ድረስ ነው ገንዘቤ የሚመለሰው» የሚለውን ነው። የስም ዝርዝር የምታስገባበትን ቀንም አስጽፍ።

ሌላ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ፦ ልጨምር። ፕሮፎርማው ላይ ዋጋው 10 በመቶ ሰርቪስና 15 በመቶ ቫት ይጨምር አይጨምር ጠይቅ፤ በጀቱን የሚያናጋው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍ። እኛ መሥሪያ ቤት «ጥር 10» ተብሎ ተጽፎ ሆቴሉ በፈረንጅ ቆጥሮት ቀኑ አልፏል ተባልን። ጥር 10 ለእነሱ ጃንዋሪ 10፣ ለእኛ 18 ነው።

ጥሩ ነው። እኔም ሌላ ልጨምር። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ካረፈ የቀደመው ሌሊት አልጋ ያስፈልገዋል። ያን ሌሊት ብሎኩ ውስጥ ካላስገባህ ሎቢ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚነጋበት።

ሒሳብ ሹም፦ ቅጣቱ በሙሉ ዋጋ መሆኑ ልክ አይመስለኝም። ያልተኛበት ክፍል አልጸዳም፣ አንሶላ አልታጠበም። ደግሞስ ታክስ ይጨመርበታል?

የመጀመሪያውን ተከራከሩበት። ሆቴሉ ያጣው ትርፉን እንጂ ሙሉ ዋጋውን አይደለም። ከዋጋው 75 በመቶ አካባቢ ላይ የሚስማሙ አሉ፤ እኔም ሻጭ ሆኜ ተስማምቻለሁ። ያን ሌሊት ሆቴሉ ሞልቶ ከነበረም ምንም እንዳትከፍሉ አስጽፉ፤ ክፍላችሁን ሌላ ሰው ገዝቶታልና። ሙሉ በሙሉ ካልሞላ ግን ሆቴሎች «በመጨረሻ የሚሸጠው የእናንተ ክፍል ነው፣ ከእሱ በፊት የኛ ባዶዎች ይሸጣሉ» ብለው ይከራከራሉ። በዚህ ላይ ሁሉም የሚስማማበት መልስ የለም።

ታክሱ እንደ ስቴቱ ይለያያል። ደረሰኙ ላይ ከመጣ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ፣ በየትኛው ሕግ እንደተጨመረ በጽሑፍ ይመልሱላችሁ።

ሊቀመንበር፣ ስሜ ይቆይ፦ ኮንትራቱን ማን ይፈርም? ሆቴሉ የእኔን ክሬዲት ካርድ ጠይቆኛል።

የግል ካርድዎን አይስጡ። ፊርማዎ ሥር የማኅበሩ ሙሉ ስምና የእርስዎ ኃላፊነት ይጻፍ፤ ስምዎ ብቻውን አይቁም። ሆቴሉ ዋስትና ከፈለገ የማኅበሩን ቼክ በቅድሚያ ክፍያ መልክ ያቅርቡለት። እምቢ ካለ ብሎኩን ወደ 20 ክፍል አውርዱና ነጻ ብሎክ ጠይቁ፤ የቀረውን እንግዳ በአቅራቢያው ባለ ሌላ ሆቴል በዚያው ዓይነት ያዙለት። አዳራሹን በርካሽ ማግኘታችሁ ይቀር ይሆናል፤ ሆቴሎች አዳራሽ የሚቀንሱት ክፍል ስትይዙላቸው ነውና።