መሐረቡ ላይ ያየሁትና ያላየሁት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ፤ ሶፍት ላይ ያረፈ አረንጓዴ አክታ። «ጋሼ፣ ይሄ ኢንፌክሽን ነው አይደል? የትኛውን አንቲባዮቲክ ልግዛ?» ትላለች። ሳሉ ከጀመራት አምስት ቀን ነው። ትኩሳቱ ለቋታል፣ ትበላለች፣ ደረጃ ስትወጣ አይደክማትም።

አረንጓዴው የባክቴሪያ ቀለም አይደለም። የራሳችን ነጭ የደም ሴሎች ጀርም የሚገድሉበት፣ ብረት ያለበት አረንጓዴ ኢንዛይም አላቸው። ሴሎቹ ሲበዙ አክታው መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ይሆናል። ተራ ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስም ይህንኑ ያደርጋል። ቀለሙ ሰውነት እየተዋጋ መሆኑን ያሳያል፤ ከማን ጋር እንደሚዋጋ ግን አያሳይም። የቆየ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው አክታው በድንገት ሲበዛና ቀለሙ ሲለወጥ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ ይታከም። እሷ ግን አንቲባዮቲክ አያስፈልጋትም አልኳት።

ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ፎቶው አንድ መሐረብ አስታወሰኝ።

ጤና መኮንን ሆኜ ተመርቄ አንድ ደጋ ወረዳ በተመደብኩበት ዘመን፣ አባት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጁን በበቅሎ አምጥቶ ነበር። ልጅቷ ከነጠላዋ ጫፍ የተጠቀለለ መሐረብ ፈታ አሳየችኝ። አክታው ውስጥ ደማቅ ቀይ የደም ክር አለ። ከስታለች፣ ወር ያለፈው ሳል አላት። እኔ መሐረቡን አይቼ በልቤ ጨርሼ ነበር፤ ሳንባ ነቀርሳ ነው። አክታዋን ሦስት ጊዜ ሰጠች፤ በማይክሮስኮፕ ምንም አልታየም። ያም ቢሆን አልጠራጠርኩም። በማይክሮስኮፕ ለመታየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ባክቴሪያ እንደሚያስፈልግ ተምሬያለሁና፣ «አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም» ብዬ መድኃኒቱን ጀመርኩላት። አባባሉ እውነት ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር እንዳልጠይቅ መሸሸጊያ አደረግሁት።

ለሁለት ወር በየቀኑ ስትሬፕቶማይሲን ተወጋች። መርፌው ያማል፤ አንድም ቀን አላለቀሰችም። አባቷ ከገበያ ሲመለስ ማር ያመጣልኝ ነበር፤ ያን ማር እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ደሙ አልቆመም፣ ትንፋሿም እየባሰ ሄደ። ለጉብኝት የመጣ አንድ ሐኪም በግራ ጎኗ አስተኝቶ ማዳመጫውን ጡቷ ሥር አሳረፈና ብዙ ቆየ። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጠየቃት። «ስትተኚ ያፍንሻል?» አዎ፣ ሌሊት ተነሥታ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች። «ልጅ ሆነሽ መገጣጠሚያሽ እያበጠ ያምሽ ነበር?» አባቷ ቀድሞ መለሰ፤ ጉሮሮዋ ደጋግሞ ይታመም ስለነበር እንጥሏን አስቆርጠዋት ነበር፣ በኋላም ጉልበቷ አብጦ ተኝታለች።

በሽታው የልብ ነው። በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የግራ ልቧን ቫልቭ አጥብቦታል። ደሙ በጠባቡ በር ማለፍ ሲያቅተው ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ እዚያ ግፊቱ ሲበዛ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይሰነጠቃሉ። መሐረቡ ላይ የነበረው ደም ሳንባ ውስጥ አንድ ሥር መፍሰሱን ብቻ ነበር የሚናገረው። ለምን እንደፈሰሰ የሚናገረው ግድግዳ ተደግፋ ያደረችው ሌሊት ነበር፤ እኔ አልጠየቅሁም።

ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላክናት፤ የሚያሸና መድኃኒትና በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ታዘዘላት። የቫልቭ ቀዶ ሕክምና ግን ያኔ ለእርሷ የሚደረስበት አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ እርጉዝ ሆና ሞተች ብለው ነገሩኝ። እኔ ያባከንኩት ሁለት ወር ዕድሜዋን ያረዝመው እንደነበር አላውቅም።

ዛሬ ያላችሁት ወጣቶች አክታችሁን ፎቶ አንሥታችሁ ትልካላችሁ፣ ስንት ቀን እንደሳላችሁ ግን ተጠይቃችሁ ነው የምትናገሩት። ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው አክታው ነጭ ይሁን ባዶ ምራቅ አስመርምሩት፤ ብዙ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ደም አይቶ አያውቅም። ደም ካያችሁ ደግሞ ከአፍንጫ ወይም ከድድ ወርዶ እንዳይሆን አፋችሁን ተጉመጥመጡና እዩ። ከምግብ ጋር ተደባልቆ ጠቁሮ በማስመለስ የወጣ ከሆነ ከሆድ ሊሆን ይችላል። ከሳንባ የመጣው ከሳል ጋር ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም ደማቅና አረፋ ያለው ነው። ጥቂትም ቢሆን ይታይ። በስኒ የሚለካ ከሆነ ወይም ትንፋሽ እያጠረ ሮዝ አረፋ ከወጣ ግን በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ቀለም አትመኑ እያልኩ እኔ ራሴ ዛሬም መጀመሪያ የማየው ሶፍቱን ነው። የብረት ዝገት የመሰለ አክታ ከብርድ ብርድና ከትኩሳት ጋር ሳይ የሳንባ ምች እጠረጥራለሁ፣ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ያን ጊዜም ግን ሶፍቱን አስቀምጬ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ እጠይቃለሁ።

የእህቴን ልጅም ጠየቅኋት። «በአንድ ትራስ ነው የምተኛው ጋሼ፣ ደህና አድራለሁ» አለችኝ።