መላ ሰውነትን የሚያም ሕመም፣ የማያሳርፍ እንቅልፍና ድካም፦ እንቅስቃሴን ከስንት ደቂቃ መጀመር ይሻላል?

ጥያቄ፦ የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሐዋሳ ውስጥ የልብስ ሱቅ አለኝ። ከአንድ ዓመት ተኩል ወዲህ ትከሻዬን፣ ወገቤን፣ ክንዴንና እግሬን ያመኛል፤ ተኝቼ አድሬም እንዳልተኛ ሰው ደክሞኝ እነሳለሁ። በተደጋጋሚ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብዬ መድኃኒት ብወስድም ለውጥ አላየሁም። በቅርቡ ያየኝ ሐኪም ምርመራዎቹ ሁሉ ደህና መሆናቸውን፣ ሕመሙም ፋይብሮማያልጂያ ሊሆን እንደሚችል ነግሮኝ ስፖርት እንድሠራ መከረኝ። ታቦር ተራራን ወጥቼ ስመለስ ግን ሦስት ቀን ተኛሁ። ስፖርት ይጎዳኛል ማለት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከተራራው መልስ ያስተኛዎት እንቅስቃሴ መሆኑ ሳይሆን መጠኑ ይመስለኛል። ለረጅም ጊዜ ሲያመው የቆየና እንቅልፍ ያልጠገበ ሰውነት አቀበት በመውጣት መጀመር አልነበረበትም፤ «ስፖርት ሥሪ» የሚለው ምክርም ከስንት ደቂቃ እንደሚጀመርና በምን ያህል እንደሚጨመር ካልተነገረበት ግማሽ ምክር ነው።

በፋይብሮማያልጂያ ሕመሙ የሚመጣው ጡንቻ ስለቆሰለ ወይም መገጣጠሚያ ስላበጠ ሳይሆን፣ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ከሰውነት የሚደርሷቸውን ስሜቶች ከሚገባው በላይ አጉልተው ስለሚቀበሉ ነው። ስለዚህም የደም ምርመራውና ራጁ ደህና ሆኖ ሳለ ሰውየው በእርግጥ ይታመማል፤ «ምንም የለብሽም» ያለዎት ሰው ካለ ተሳስቷል። እንቅልፍ በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1975 ካናዳዊው ሐኪም ሃርቪ ሞልዶፍስኪና ባልደረቦቻቸው ጥቂት ጤነኛ ሰዎችን ሳይቀሰቅሱ፣ ጥልቁን እንቅልፋቸውን ብቻ በድምፅ ለተከታታይ ሌሊቶች ሲያውኩባቸው፣ ሰዎቹ እርስዎ የገለጹትን የሚመስል የሰውነት ሕመምና ድካም ተሰምቷቸዋል። እንቅልፍ ሲበላሽ ሕመም ይብሳል፤ ሕመም ሲብስ ደግሞ ሰው መንቀሳቀስ ይተዋል፤ የማይንቀሳቀስ ሰው ጡንቻው ይደክማል፣ እንቅልፉም ይበልጥ ይሳሳል። በዝግታ የሚጨመር እንቅስቃሴ የሚረዳው ይህን አዙሪት ስለሚያላላ ነው፤ የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያም ለዚህ ሕመም ከሚሰጡ ሕክምናዎች ሁሉ በጠንካራ ድጋፍ የመከረው እንቅስቃሴን ብቻ ነው።

ስለ ታይፎይዱ አንድ ነገር ልበል። በአገራችን ሰውነቱን የሚያመው ሰው ሁሉ ዊዳል በተባለው የደም ምርመራ ብቻ ታይፎይድ አለብህ እየተባለ ፀረ ተሕዋስያን ሲወስድ ማየት ያሳዝነኛል። ይህ ምርመራ ቀድሞ በነበረ ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ምክንያትም «ታይፎይድ አለ» የሚል ውጤት ሊያሳይ ስለሚችል፣ ትኩሳት ሳይኖር ለዓመት ተኩል የዘለቀን ሕመም ሊያስረዳ አይችልም። ይልቅስ ሐኪምዎ ካዘዟቸው ምርመራዎች መካከል የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞንና የደም ዝቃጭ ፍጥነት ምርመራ መኖራቸውን ይጠይቁ፤ ጥሬ ወተት የሚጠጡ ከሆነ ደግሞ ብሩሴሎሲስ የተባለው ከከብት የሚተላለፍ ኢንፌክሽን መታየት አለበት።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ። ለሦስት ቀናት፣ ሜዳ በሆነ መንገድ፣ ለምሳሌ ፀሐይ ሳይበረታ በሐይቁ ዳር፣ በተለመደ አካሄድዎ ይራመዱና ሕመሙ ወይም ድካሙ ከወትሮው ከፍ ማለት የጀመረበትን ደቂቃ ይጻፉ። ከሦስቱ ቀናት ቢያንስ አንዱ መጥፎ ቀንዎ ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያው ቀን 14፣ በሁለተኛው 8፣ በሦስተኛው 11 ደቂቃ ቢሆን አማካዩ 11 ነው፤ መነሻዎ ግን 11 ሳይሆን የዚያ ሦስት አራተኛ፣ ማለትም 8 ደቂቃ ይሁን። ይህን 8 ደቂቃ በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን ለሁለት ሳምንታት ሳይጨምሩ ይራመዱ። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢጨምሩ በ12ኛው ሳምንት 18 ደቂቃ ይደርሳሉ። እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎት ፈጥነዋል፤ ደቂቃ በሚጨምሩበት ሳምንት ፍጥነት አይጨምሩ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ተጨማሪ ሕመም መሰማቱ የሚጠበቅ ነው። ሕመምዎን ከዜሮ እስከ አሥር ቢመዝኑትና ወትሮ 5 የሆነው ከእርምጃው በኋላ 6 ወይም 7 ደርሶ በማግስቱ ጠዋት ወደ 5 ከተመለሰ፣ ይቀጥሉ። በማግስቱም ካልወረደ ወደ ቀደመው ሳምንት ደቂቃ ይመለሱ፤ ጨርሰው ግን አይተዉ። በመጥፎ ቀን ግማሹን ይራመዱ። ከሁሉ የሚከብደው የጥሩ ቀን ሕግ ነው፤ ደህና ሆነው ባደሩበት ዕለት ከተወሰነልዎ ደቂቃ በላይ አይሂዱ። ታካሚዎቼ ብዙውን ጊዜ የሚሰናከሉት በዚህ ነው፤ ሰውነታቸው ቀለል ባላቸው ቀን፣ በተለይ በበዓል ዋዜማ፣ የተከማቸውን ልብስ አጥበው፣ ቤቱን አጽድተው፣ እንጀራ ጋግረው ይጨርሱና ቀጣዮቹን ቀናት ይተኛሉ። የቤት ሥራም እንቅስቃሴ ነውና 20 ደቂቃ ሠርተው 10 ደቂቃ ይቀመጡ፤ ሱቅዎ ውስጥም ወንበር አስቀምጠው ገበያተኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ አረፍ ይበሉ።

ይህ አካሄድ የማይሆንለት ሰው አለ። አንዳንዶች ገላ መታጠብን ወይም ረዘም ያለ ወሬን በሚያህል ትንሽ ጥረት፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ፣ አእምሯቸው እስኪደነዝዝ ድረስ ይወድቁና ለቀናት አይነሱም። ይህ ሥር የሰደደ የድካም ሕመም የተባለው ሌላ ሕመም ምልክት ሲሆን፣ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 እነዚህ ሕሙማን በየጊዜው የሚጨመር እንቅስቃሴ እንዳይታዘዝላቸው ወስኗል። ያልለመዱትን ተራራ ወጥቶ አንድ ጊዜ መተኛት ይህን አያሳይም፤ በ8 ደቂቃ የሜዳ እርምጃ ግን ተመሳሳይ መውደቅ ከደረሰብዎ መጨመሩን አቁመው ለሐኪምዎ ይንገሩ።

እንቅልፍን በተመለከተ፣ መቼም ይተኙ መቼ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሱ፤ ቡናውን ከቀትር በፊት ይጨርሱ። ቤተሰብዎ ከፍ ባለ ድምፅ እንደሚያንኮራፉ ወይም ትንፋሽዎ እንደሚቋረጥ ከነገረዎት ይህ ለብቻው ይታያል። ሐኪምዎ ለእንቅልፉና ለሕመሙ አሚትሪፕቲሊን በአነስተኛ መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም፣ ማታ ሊያዝዝልዎ ይችላል፤ አፍ ያደርቃል፣ ጠዋትም ሊያደነዝዝ ይችላል፤ የልብ ምት ችግር ወይም ግላኮማ የተባለው የዓይን ሕመም ካለብዎ አስቀድመው ይንገሩ። እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ መርፌዎችና እንክብሎች ግን ለዚህ ሕመም እምብዛም አይረዱም፤ ሲደጋገሙ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ።

ለውጡ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከስድስት እስከ 12 ሳምንታት ባለው ጊዜ ነው፤ ሕመሙ ጨርሶ ባይጠፋም ድካሙ ሊቀንስና የሥራ አቅምዎ ሊጨምር ይችላል። በ12ኛው ሳምንት ደቂቃዎቹንና የሕመም ቁጥሮቹን የጻፉበትን ደብተር ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ የመገጣጠሚያ እብጠት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ የጠዋት መገታተር ወይም የእጅና የእግር አቅም ማጣት ከመጣ ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ይታዩ።